የተቆፈረው ጉድጓድና የተቀዳው ውኃ፦ የፕሮጀክት አመክንዮ ማዕቀፍ እንዴት ይፈተሻል?

ለአንድ የልማት ፕሮጀክት በጀት ሲጠየቅ ከዋናው ሰነድ ጋር ተያይዞ የሚቀርብ አንድ ሠንጠረዥ አለ። ስሙ የአመክንዮ ማዕቀፍ ሲሆን፣ በባለሙያዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ሎግፍሬም በሚለው መጠሪያ ነው። ሠንጠረዡ እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ተዘጋጅቶ፣ ከዚያ በኋላ በበርካታ የልማት አጋሮችና መንግሥታት ዘንድ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ሰነዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለማሟያ ያህል ነው፤ ገምጋሚውም በበኩሉ ሣጥኖቹ ባዶ አለመሆናቸውን አይቶ ያልፋል። ይህ ጽሑፍ በሣጥኖቹ ውስጥ የሰፈረው ሐሳብ በእርግጥ የሚሠራ መሆኑ እንዴት እንደሚፈተሽ፣ አንድ የገጠር መጠጥ ውኃ ፕሮጀክትን በምሳሌነት በመውሰድ ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

ሠንጠረዡ ከታች ወደ ላይ የሚነበቡ አራት ደረጃዎች አሉት። ከታች ተግባራት ይገኛሉ፤ ጉድጓድ መቆፈር፣ ፓምፕ መትከል፣ ኮሚቴ ማሠልጠን የመሳሰሉት ናቸው። ከእነርሱ በላይ ተግባራቱ ሲጠናቀቁ ፕሮጀክቱ የሚያስረክበው ነገር ይሰፍራል፤ በዚህ ጽሑፍ የሥራ ውጤት እንለዋለን። ቀጥሎ የሚመጣው ለውጥ ነው፤ ይኸውም ሰዎች የተረከቡትን ነገር በመጠቀማቸው በኑሯቸው ላይ የሚታየው ነው። ከሁሉም በላይ ፕሮጀክቱ ብቻውን የማይደርስበት፣ ነገር ግን ድርሻ የሚያበረክትበት ግብ ይቀመጣል። በየደረጃው ትይዩ አመልካቹ፣ የማረጋገጫ ምንጩና ታሳቢው ይጻፋሉ። የሥራ ውጤቱ በተቋራጩና በፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ እጅ ያለ ነው፤ ለውጡ ግን በተጠቃሚው እጅ ነው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ፣ ምርመራውም በይበልጥ ሊያተኩር የሚገባው በዚያው ላይ ነው።

ለማብራሪያ የተዘጋጀው የምሳሌ ፕሮጀክት የሚከተለውን ይመስላል። በአንድ ወረዳ 60 ጉድጓዶች ተቆፍረው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ይተከልባቸዋል፤ 60 የውኃ ኮሚቴዎችም ይቋቋማሉ። ይህ የሥራ ውጤቱ ነው። በለውጥ ደረጃ የተጻፈው «30 ሺህ የገጠር ነዋሪዎች በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ንጹሕ ውኃ ያገኛሉ» የሚል ነው። መጠኑ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ከተቀመጠው ደረጃ የተወሰደ ነው። ግቡ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የተቅማጥ በሽታ መቀነስ ነው። በታሳቢዎች ዓምድ ደግሞ «ኅብረተሰቡ በጥገና ይሳተፋል»፣ «የመለዋወጫ አቅርቦት ይኖራል» የሚሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰፍረዋል። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ያየ ሰው እንግዳ ነገር አይታየውም፤ በየዓመቱ ከሚቀርቡት ጋር የሚመሳሰል ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የሥራ ውጤቱ መቶ በመቶ ቢፈጸም፣ ታሳቢዎቹም ሁሉ ቢሟሉ፣ ለውጡ ሊመጣ ይችላልን? ለዚህ መልስ ለመስጠት መስክ መውጣት አያስፈልግም፤ የፓምፑን ባሕርይ ማወቅና ጥቂት ስሌት ይበቃል። 30 ሺህ ሰው ለ60 ጉድጓድ ሲካፈል ለአንድ ፓምፕ 500 ሰው ይደርሳል። በአንድ ቤተሰብ 5 ሰው ብንቆጥር 100 ቤተሰብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው 25 ሊትር እንዲያገኝ ከአንድ ፓምፕ በቀን 12,500 ሊትር መቀዳት ይኖርበታል። ይህም 20 ሊትር በሚይዘው ጀሪካን 625 ጀሪካን ይሆናል።

የአፍሪዴቭ ፓምፕ የሚሰጠው የውኃ መጠን ውኃው በሚሳብበት ጥልቀት ይወሰናል። ውኃው በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲገኝ በሰዓት 1,400 ሊትር ገደማ ይወጣል፤ በ30 ሜትር ላይ ሲሆን ግን መጠኑ በግማሽ ቀንሶ ወደ 700 ሊትር ይወርዳል። የምሳሌው ወረዳ የከርሰ ምድር ውኃ በ30 ሜትር ገደማ የሚገኝ ነው እንበል። 12,500 ለ700 ሲካፈል 18 ሰዓት ያህል ይመጣል። ስለዚህ በዕቅዱ የተጻፈው መጠን እንዲደርስ ፓምፑ በየቀኑ ለ18 ሰዓት ያለ ማቋረጥ መነቅነቅ አለበት። ቀዳጆች የሚመጡት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው ብንልና ጀሪካን ለመቀየር፣ ለማጠብና ተራ ለመያዝ የሚባክነውን ብንቀንስ፣ ፓምፑ በትክክል ውኃ የሚሰጥበት ጊዜ ከ10 ሰዓት ብዙም አይዘልም። በ10 ሰዓት የሚገኘው 7,000 ሊትር ነው፤ ይህም ለ280 ሰው የ25 ሊትር ድርሻ ይሆናል። ለ500 ሰው ሲካፈል ግን በነፍስ ወከፍ 14 ሊትር ብቻ ይደርሳል።

ይህ ስሌት የተሠራው ሁሉም ነገር በተሳካበት ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ነው። ጉድጓዱ ራሱ በበጋ ወራት በሰከንድ 0.2 ሊትር ገደማ መስጠት ካልቻለ ፓምፑ የሚስበው አየር ይሆናል። ስለሆነም ገምጋሚው የፓምፕ ፍተሻው በየትኛው ወር እንደሚካሄድ ከሰነዱ ማረጋገጥ ይገባዋል፤ ክረምቱ እንደወጣ በመስከረም የተለካ ጉድጓድ በሚያዝያ ስለሚሰጠው ውኃ የሚናገረው ጥቂት ነው። እንግዲህ ፕሮጀክቱ ሁሉንም ጉድጓድ በጊዜው ቆፍሮ፣ በበጀቱ ውስጥ ሆኖ፣ ያለ እንከን ቢያስረክብ እንኳ ለውጡ በተጻፈው መልክ ሊመጣ አይችልም። ጉድለቱ የአፈጻጸም ሳይሆን የአመክንዮ ነው።

ይህን የመሰለ ጉድለት በሥራ ዘመኑ ሁሉ ሳይታይ ሊቆይ የሚችልበት ምክንያት ደግሞ በአመልካቹ ውስጥ ይገኛል። የምሳሌው ፕሮጀክት የለውጥ አመልካች «የንጹሕ ውኃ ተጠቃሚ የሆኑ ሰዎች ብዛት» ሲሆን፣ የማረጋገጫ ምንጩ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ነው። ቁጥሩ እንዴት እንደሚገኝ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «የተጠናቀቁት ጉድጓዶች ብዛት በ500 ተባዝቶ» የሚል ይሆናል። 20 ጉድጓድ ሲጠናቀቅ 10 ሺህ፣ 60 ሲጠናቀቅ 30 ሺህ ተጠቃሚ ይመዘገባል። በዚህ አሠራር አንድም ሰው ከጉድጓዱ ባይቀዳ አመልካቹ አይለወጥም። የሥራ ውጤቱ ሌላ ልብስ ለብሶ በለውጡ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆን አንድ ጠቃሚ ፈተና አለ። ገምጋሚው ለእያንዳንዱ የለውጥ አመልካች «የሥራ ውጤቱ ተሟልቶ ይህ ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ አይችልም ከሆነ አመልካቹ የሚለካው ለውጥን አይደለም። ቀጥሎም በተቃራኒው «ለውጡ ሳይመጣ ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። የምሳሌው አመልካች በሁለቱም ይወድቃል።

የተሻለው አመልካች ከቤተሰብ የሚጀምር ነው፤ በትናንትናው ዕለት ከፕሮጀክቱ ጉድጓድ ስንት ጀሪካን እንደተቀዳ፣ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ለመሄድ፣ ተራ ለመጠበቅና ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ ይጠየቃል። ጊዜውን መመዝገብ ርቀትን ብቻ ከመለካት ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት የመጠጥ ውኃ ክትትል፣ ተራ መጠበቅን ጨምሮ ደርሶ መልስ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚወስድ የተሻሻለ የውኃ ምንጭ መሠረታዊ አገልግሎት ተብሎ አይቆጠርም፤ ውስን አገልግሎት ነው። በምሳሌው ወረዳ ጉድጓዱ ከቤት 600 ሜትር ቢርቅ በርቀት መለኪያው ያልፋል። አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግን 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ ከፊቷ 20 ጀሪካን ተሰልፎ የምታገኝ እናት በመጠበቅ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ታጠፋለች። ታዳጊ ልጇን ልካ ከሆነም የሚባክነው የትምህርት ሰዓት ነው። ተራው የሰለቻት ወደ ቀድሞው ወንዝ ትመለሳለች፤ በሪፖርቱ ውስጥ ግን አሁንም ከ500ዎቹ አንዷ ናት።

ስለ መረጃ አሰባሰቡ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚሳተው እዚህ ላይ ነውና። ጠያቂዎች ለሥራቸው ስለሚቀናቸው ጉድጓዱ ዘንድ ቆመው የመጣውን ሰው ይጠይቃሉ። በጉድጓዱ የሚገኙት ግን የሚጠቀሙት ብቻ ናቸው፤ ተስፋ ቆርጠው የቀሩት በናሙናው ውስጥ አይገቡም። ቤተሰቦች መመረጥ ያለባቸው ከቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብ በዕጣ ነው። ከ60ው ጉድጓዶች 20ውን በዕጣ መርጦ በየአንዳንዱ ዙሪያ 10 ቤተሰብ መጠየቅ፣ በድምሩ 200 ቤተሰብ፣ ለወረዳ ባለሙያዎች የማይከብድና በጉድጓዶች መካከል ያለውን ልዩነትም የሚያሳይ ነው። የመነሻ መረጃውና የማጠቃለያ መረጃው በአንድ ወቅት፣ በተለይም በበጋው ማብቂያ መሰብሰብ ይኖርባቸዋል። መነሻው በበጋ፣ ማጠቃለያው በክረምት ከተለካ ዝናቡ ያመጣው መሻሻል የፕሮጀክቱ ሆኖ ይመዘገባል።

«ንጹሕ» የሚለው ቃልም ያለ መለኪያ ሊታለፍ አይገባም። ጥርት ብሎ የሚታይ የጉድጓድ ውኃ በጀርም ሊበከል ይችላል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ያላቸው ጉድጓዶች በብዛት ይገኛሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ ውኃውን በማፍላት አይወገድም። በመሆኑም የላቦራቶሪ ውጤቱ ከፓምፕ ተከላው በፊት መቅረቡ በሠንጠረዡ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ወደ ታሳቢዎች ስንመለስ፣ ይህ ዓምድ ከሁሉም ይበልጥ በግዴለሽነት የሚሞላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታሳቢ ማለት ከፕሮጀክቱ ቁጥጥር ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን ካልተሟላ ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ መሸጋገር የማይቻልበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ታሳቢ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። በእርግጥ ከቁጥጥራችን ውጭ ነውን? ካልተሟላ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነውን? የመሟላት ዕድሉስ ምን ያህል ነው? በፕሮጀክቱ እጅ ያለ ጉዳይ ከሆነ ከታሳቢነት ወጥቶ ተግባር መሆን አለበት። ከባድ ሆኖ የመሟላት ዕድሉ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ ዲዛይኑ ካልተለወጠ በስተቀር ፕሮጀክቱ መጀመር የለበትም።

«ኅብረተሰቡ በጥገና ይሳተፋል» የሚለውን በዚህ ወንፊት እናሳልፈው። በመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ሊፈተሽ የሚችል አይደለም፤ ማን፣ ስንት፣ መቼ የሚል ነገር የለውም። በሚፈተሽ መልክ ቢጻፍ «ከ100 ቤተሰብ ቢያንስ 80ው በየወሩ 10 ብር ያዋጣሉ፤ የተሰበሰበውም የአንድ ዓመት የጥገና ወጪን ይሸፍናል» ሊል ይችላል። ከ80 ቤተሰብ በወር 800 ብር፣ በዓመት 9,600 ብር ይሰበሰባል። አሁን የሚፈተሽ ነገር አለ። ገምጋሚው በአቅራቢያው ባለው ከተማ የፓምፑን የጎማ ማሸጊያዎችና ዘንጎች የሚሸጥ ሱቅ መኖሩን ያጣራል፤ የዕለቱን ዋጋ ይጠይቃል፤ የጠጋኙን የጉዞና የእጅ ዋጋ ይደምራል፤ ከ9,600 ብር ጋርም ያነጻጽራል። ቀደም ሲል በወረዳው በተሠሩ ጉድጓዶች የሚገኙ ኮሚቴዎችን የገንዘብ መዝገብ ማየትም ይቻላል። በእነዚያ መዝገቦች መዋጮው ከስድስተኛው ወር በኋላ የተቋረጠ ከሆነ፣ አዲሶቹ ኮሚቴዎች የተለየ ዕጣ የሚገጥማቸው ለምን እንደሆነ ሰነዱ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ካልቻለ ታሳቢው ምኞት ነው።

የመለዋወጫ አቅርቦት ጉዳይ ጭራሹን በታሳቢነት ሊቀመጥ የማይገባው ነው። ከአንድ ነጋዴ ጋር ውል መግባት፣ በወረዳው መጋዘን የመነሻ ክምችት ማስቀመጥ፣ ሁለት ወይም ሦስት የአካባቢ ጠጋኞችን ማሠልጠን በፕሮጀክቱ አቅም ውስጥ ያሉ ተግባራት ናቸው፤ በጀትም ሊያዝላቸው ይገባል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በታሳቢዎች ዓምድ ውስጥ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ «ወጪው አልታሰበም» ነው። የሚያስከትለውም ወዲያው ይታያል። በማንኛውም ዕለት ከ60ው ፓምፖች 12ቱ ቆመው የሚገኙ ቢሆን፣ የእነርሱ ተጠቃሚዎች ወደ ቀሪዎቹ 48 ይዞራሉ፤ ለአንድ ፓምፕ የሚደርሰው ሰው ከ500 ወደ 625 ያድጋል፤ ከላይ የተሰላው 14 ሊትርም ወደ 11 ሊትር ገደማ ይወርዳል። ተራው ይረዝማል፤ ጭነቱ የበዛባቸው ፓምፖችም በፍጥነት ያረጃሉ።

ከለውጡ ወደ ግቡ የሚወስደው ደረጃም የራሱ ስንጥቆች አሉት። በዚህ ረገድ በምዕራብ ኬንያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የሚያስተምረው አለ። ጥናቱ ክፍት የነበሩ ምንጮች በኮንክሪት ተሸፍነው ውኃው በቧንቧ እንዲወጣ ሲደረግ ምን እንደሚለወጥ፣ ገና ካልጎለበቱት ጋር በማነጻጸር የተከታተለ ነበር። በምንጩ ላይ የተለካው ብክለት በ66 በመቶ ቀነሰ። በቤት ውስጥ ከተቀመጠው ውኃ ላይ የተለካው ግን የቀነሰው በ24 በመቶ ብቻ ነበር። ውኃው በመንገድ ላይ፣ በእንስራውና በመቅጃው ዳግም ይበከላል፤ ቤተሰቦችም ከሌሎች ምንጮች ይቀዳሉ። የሕፃናት ተቅማጥ በሩብ ያህል እንደቀነሰ ተመዝግቧል፤ ይህም ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በምንጩ ላይ የታየውን መሻሻል አይቶ ቤት ውስጥም ያው ይሆናል ብሎ የሚያቅድ ሠንጠረዥ ከእውነታው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ሁለቱ ቁጥሮች ያሳያሉ። ስለዚህ በምሳሌው ፕሮጀክት የውኃ ጥራት ናሙና ከፓምፑ አፍ ብቻ ሳይሆን ከቤት ውስጥ መጠጫም መወሰድ አለበት። የውኃ አያያዝ ትምህርትና ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ በተግባራቱ ውስጥ ካልተካተቱም፣ በግቡ ላይ የተጻፈው ዒላማ ዝቅ ማለት ይኖርበታል።

የግቡ አመልካች መረጃ ከጤና ኬላ መዝገብ እንዲገኝ የታሰበ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። በመዝገቡ የሚገኘው የታመመው ሕፃን ሁሉ ሳይሆን ወደ ጤና ኬላው የመጣው ብቻ ነው። በፕሮጀክቱ ዘመን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቁጥር ቢጨምር ወይም መድኃኒት በተሻለ ሁኔታ ቢገኝ፣ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የተመዘገበው ተቅማጥም ከፍ ይላል። በሽታው እየቀነሰ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ በ200ው ቤተሰቦች ጥያቄ ላይ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚል አንድ ጥያቄ መጨመር ይሻላል። እንደዚያም ሆኖ 200 ቤተሰብ አነስተኛ ለውጥን በእርግጠኝነት ለመለየት የሚበቃ ናሙና አይደለም። ወረዳው በዚህ ደረጃ የፕሮጀክቱን ድርሻ አረጋግጣለሁ ብሎ ቃል ባይገባ ይመረጣል።

እነዚህን ሁሉ ካየ በኋላ ገምጋሚው ሠንጠረዡን ለአዘጋጆቹ ሲመልስ ከአስተያየቱ ጋር የተስተካከለውን የለውጥ መደብ አያይዞ መላክ ይችላል። በምሳሌው ፕሮጀክት እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «በፕሮጀክቱ ማብቂያ፣ በመጋቢትና ሚያዝያ በሚካሄድ የቤተሰብ ጥናት፣ በአገልግሎት ክልሉ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ቢያንስ 75 በመቶው በቀን በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ከፕሮጀክቱ ጉድጓድ የሚቀዱ፣ ደርሶ መልስም ተራን ጨምሮ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥባቸው ይሆናሉ።» ይህ ዓረፍተ ነገር የማይመች ነው፤ ሊከሽፍ ይችላልና።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። በ30 ሜትር ጥልቀት አንድ ፓምፕ የሚያገለግለው 280 ሰው ከሆነ፣ 60 ፓምፖች ለ16,800 ሰው ይበቃሉ። 30 ሺህ ሰው ለማዳረስ 108 ጉድጓድ ያስፈልጋል፤ ወይም የተሻለ ውኃ በሚሰጡ ጥቂት ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ተክሎ ውኃውን በቦኖዎች ማከፋፈል ይቻል እንደሆነ ይጠናል። በጀቱ የማይጨምር ከሆነም በሠንጠረዡ ላይ 16,800 መጻፍ፣ የቀሩት 13,200 ነዋሪዎችም የትኞቹ ቀበሌዎች እንደሆኑ ለይቶ ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ማስያዝ ይገባል። በ30 ሺህ ከተመዘገቡ ግን እነዚህ ቀበሌዎች በወረዳው ሽፋን ውስጥ እንደ ተዳረሱ ስለሚቆጠሩ፣ ቀጣዩ በጀት ሲደለደል ተራ አይደርሳቸውም።